ከዋቤ ገደል አፋፍ የቆመው ሰው

ሸዋንግዛው በየማለዳው ወደ ሥራ ክፍሉ ሲገባ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ትንሿን ቢላዋውን ይስላል። ቢላዋዋ ከአመልካች ጣት አትረዝምም። ሞረዱን በሁለት ጠብታ ውሃ ያርሳል፤ ስለቱን አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ ጎን ያስኬዳል፤ ከዚያ በግራ ክንዱ ፀጉር ላይ ይሞክረዋል። ፀጉሩ ሳይጎተት ከተላጨ ይበቃል። በዚህ ምክንያት ግራ ክንዱ ከአንጓው እስከ ክርኑ ድረስ እንደ ሕፃን ክንድ የለሰለሰ ነበር።

ይህን ልማድ ያመጣው ከብራና ነው። መንዝ ውስጥ ተወልዶ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከአንድ ጸሐፊ እግር ሥር ተቀመጠ። ብራና መዳመጥና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ፊደል መጣል፣ በመጨረሻም ሥዕል ተማረ። አጎቱ ከአንድ ሹም ጋር ወደ ጉራጌ ምድር ሲወርድ አብሮ ወረደ፤ በወልቂጤ አካባቢ ለሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት ሃያ ዓመት ዳዊትና ተአምር ጻፈ። ሚስቱ ያለ ልጅ ሞተችበት። ጣሊያን ሲገባ ሹሙ ሸሸ፤ መጽሐፍ የሚያስጽፍ ሰው ጠፋ። ሸዋንግዛው አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ከጽሕፈት በቀር የሚያውቀው ሥራ አልነበረም።

መምህሩ የነገሩትን አንድ ቃል ግን ዕድሜውን ሙሉ ጠብቋል፦ «ስህተት ይፋቃል እንጂ አይለበስም።» የተሳሳተ ፊደል ላይ ቀለም ደርቦ መሸፈን የሰነፍ ጸሐፊ ሥራ ነው። ጎበዝ ጸሐፊ ቀለሙ እስኪደርቅ ይታገሣል፤ ከዚያ ብራናው ሳይቆስል ስህተቱን በስለት ያነሣል።

የአንድ የጣሊያን አስጎብኚ ድርጅት ፎቶግራፍ አንሺ ሲኞር ቤልትራሚ ያገኘውም ይህንኑ ሲሠራ ነው። ድርጅቱ ጣሊያናውያንን በአዲሱ የጅማ መንገድ ለሽርሽር ለማመላለስ የተቋቋመ ሲሆን፣ ወልቂጤ ላይ ማረፊያ ቤት ሠርቶ አንዱን ክፍል ለፎቶግራፍ ሥራ ለይቶ ነበር። ቤልትራሚ የዚያን አገር መንገድ፣ ወንዝና ቤት እያነሣ የመንገደኛ መጽሐፍ ያዘጋጃል። አንድ ቀን በገበያ ሲያልፍ ሸዋንግዛው አሮጌ ዳዊት ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ፊደል ሲፍቅ አየና ከራሱ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ቆመ። ከዚያ አስተርጓሚውን ተረፈን ጠርቶ «ይህ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም። መስታወት ላይ መሥራት ይችል እንደሆነ ጠይቀው» አለው።

መስታወቱ ፎቶግራፉ መጀመሪያ የሚቀረጽበት ነው። አንዱ ገጹ ልሙጥ ነው፤ ሌላው ገጹ ሥዕሉን የያዘ ስስ ልባስ አለው። በእሱ ላይ ሁሉም ተገልብጦ ይታያል፦ ነጭ ጋቢ ይጠቁራል፣ ጥቁር ፊት ይነጣል፣ ሰማዩ እንደ ጥላሸት ይሆናል። ወረቀት ላይ ሲታተም ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሸዋንግዛው ሥራውን በሁለት ሳምንት ተማረ። መስታወቱን በተጋደመ የእንጨት ክፈፍ ላይ ያስቀምጣል፤ ከሥሩ ያለው የፊት ማያ መስተዋት የመስኮቱን ብርሃን ወደ ላይ ይልክለታል። ወረቀት ላይ እንዲጠቁር የሚፈለገውን ቦታ ልባሱን በቢላዋ ያሳሳዋል። እንዲነጣ የሚፈለገውን ደግሞ ብርሃን እንዳያልፍ ቀይ ቀለም ይቀባዋል።

ቤልትራሚ ቀለም ሲባል ሁልጊዜ አንድ ነገር ይደግም ነበር። «ከጀርባ፣ በልሙጡ ገጽ!» ይላል ጣቱን እየቀሰረ። «ዋናው ቢሮ ሐሳቡን ከቀየረ በውሃ እናጥበዋለን። የፋቅኸውን ግን እግዜርም አይመልሰው።»

በመጀመሪያው ዓመት ሥራው ቀላል ነበር፦ ጭረት ማጥፋት፣ የአቧራ ነጥብ መድፈን። በ1931 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ግን ከዋናው ቢሮ አንድ ደብዳቤና አንድ ትልቅ የማስታወቂያ ወረቀት መጣ። ማስታወቂያው በሦስት ቀለም ብቻ የተሣለ ነበር። ከታች ቡናማ ምድር፣ በመካከሉ እንደ መቀነት የተዘረጋ ነጭ መንገድ፣ ከላይ ደመና የሌለበት ወርቃማ ሰማይ። ከመንገዱ ዳር አንድ ሰው ከበቅሎ ጋር ቆሟል፤ ሰውም በቅሎም ጥቁር ናቸው፣ ዓይንም አፍም የላቸውም።

ተረፈ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ ተረጎመ። ከእንግዲህ የድርጅቱ ሥዕልም ፎቶግራፍም አንድ መልክ ይኖረዋል፤ መንገደኛው ስሙን ሳያነብ ገና ከሩቅ የማን እንደሆነ ያውቀው ዘንድ። ምድር የወረቀቱን ታችኛ ሲሶ ብቻ ይይዛል። ሰማይ ንጹሕ ይሆናል። ብርሃን ከጎን ይመጣል፤ ስለዚህ ፎቶግራፍ የሚነሣው ጠዋትና ማታ ነው። ሰው አያስፈልግም። ካስፈለገ አንድ ብቻ፣ ትንሽ፣ መልኩ የማይታይ። ወደ ካሜራው የሚያይ ሰው ከቶ አይኖርም።

«ለምን?» አለ ሸዋንግዛው።

ተረፈ ጥያቄውን አስተላለፈ። ከአዲስ አበባ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጣ፣ ምላሱ ስለታም ጎልማሳ ነው። መልሱን ሲያመጣ ፈገግ ብሎ ነበር።

«መንገደኛው ከፍሎ የሚመጣው ሊያይ ነው ይላል፣ አለቃ። ሊታይ አይደለም።»

ደንቡ ለቀድሞዎቹም መስታወቶች ይሠራል ተባለ። ችግሩ በቀድሞዎቹ ላይ በቅሎ ነጂው ከድሮ የሌለበት ጥቂት መሆኑ ነው። ከድሮ የቡታጅራ አቅራቢያ ሰው ነው፤ የድርጅቱን ሦስት በቅሎዎች ይነዳል፣ መኪና በማይገባበት ሁሉ የመስታወቱን ሣጥን የሚያደርስ እሱ ነው። ቤልትራሚ የገደሉን ጥልቀት ወይም የቤቱን ቁመት ማሳየት ሲፈልግ «ከድሮ፣ እዚያ ቁም!» ይለዋል። ከድሮም ይቆማል፤ ቆሞም ካሜራውን ፊት ለፊት ያያል። ሌላ ነገር ለማየት ምክንያት አልነበረውም።

ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ የሸዋንግዛው ሥራ ከድሮን ማጥፋት ሆነ። ከጎጆ በር ጨለማ ውስጥ የቆመውን ጋቢውን ፍቆ ከጨለማው ጋር ይቀላቅለዋል። ሰማይ ላይ የወጣውን ከጀርባ በቀይ ቀለም ይሸፍነዋል፤ ከድሮ ወደ ሰማዩ ንጣት ገብቶ ይጠፋል።

ከድሮ ማታ በቅሎዎቹን አስሮ ሲመለስ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ይጠይቃል።

«አንቱ አለቃ፣ ዛሬ ስንቴ ገደሉኝ?»

«ሦስቴ።»

«ሦስቴ! ጣሊያንና ሽፍታ መሐል ስመላለስ ያልሞትኩትን ሰውዬ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጨረሱኝኮ! ለሰፍያ ማን ይንገራት?»

«ወረቀት ላይ ነው የሞትከው። ለሰፍያ የሚተርፈው ሥጋህ ነው።»

«ሥጋዬንማ በቅሎዎቹ በሉት» ይልና ይስቃል።

ሰፍያ ሚስቱ ናት፤ መስቃን ውስጥ ከእናቱ ጋር ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጃቸው በዚያ ዓመት መስከረም ተወለደች፤ ከድሮ ያያት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 12 ቀን ቤልትራሚ፣ ተረፈና ከድሮ ወደ ዋቤ ወንዝ ገደል ወረዱ። ጠዋት ነበር። ቤልትራሚ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ከታች ወደ ላይ አነጣጠረ። ከድሮን ከነበቅሎው ከአፋፉ ድንጋይ ላይ አቆመው፤ ከወገቡ በላይ ሰማዩ ብቻ ከጀርባው ነበር። «ወደ ወንዙ እይ» ተብሎ ወደ ወንዙ አየ። የካሜራው መክፈቻ ጠቅ ሊል ሲል ግን በቅሎዋ ጆሮዋን አራገፈች፤ ከድሮ ልጓሙን ያዝ አድርጎ ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው ዞረ። ቤልትራሚ ተሳደበ፤ የተረፈ ሌላ መስታወት አልነበረም። ማታውን በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ቀኑንና ቦታውን በቀለም ጻፈበት። በመዝገቡ ላይም ቀኑን፣ ቦታውንና ሰዓቱን አሰፈረ። የከድሮን ስም መመዝገብ ልማዱ አልነበረም።

መስታወቱ በሁለተኛው ሳምንት ከሸዋንግዛው ክፈፍ ላይ ደረሰ። ከሁሉ የሚያምር ነበር። ብርሃኑ ከግራ መጥቶ የድንጋዩን ጥላ ወደ ቀኝ ይጥላል፤ ከድሮ ዓይኑን በፀሐይ ጨፈን አድርጎ፣ የግራ እግሩን ወደ ውጭ መልሶ ቆሟል። ቤልትራሚ ከኋላው ቆሞ አየና በእጁ የመቀባት ምልክት አሳይቶ ሄደ፤ ከጀርባ፣ በቀይ።

ማታ ከድሮ መጣ። ሸዋንግዛው ገና አልነካውም ነበር።

«ይቺ ዋቤ ናት» አለ ከድሮ መስታወቱን በብርሃኑ አይቶ። «ይቺንም ይሸፍኗታል?»

«ተሸፈን ተብለሃል።»

«በቅሎዋም?»

«በቅሎዋም።»

«እሷ ደግሞ ምን አጠፋች?» ከዚያ ሳቁን ተወ። «አለቃ፣ ስንት መስታወት ተሸክሜ ስንት ገደል ወጣሁ? በአንዱ እንኳ ልቁም። እዚያ ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰውዬ ቆሞ የለም እንዴ? እንደሱ ያጥቁሩኝና ልቁም። ወላሂ፣ ፊቴን አልጠይቅም። ሰፍያ አንድ ቀን ወረቀቱን ብታየው በአቋሜ ታውቀኛለች።»

ሸዋንግዛው አሰበበት። ደንቡ «ካስፈለገ አንድ ብቻ፣ መልኩ የማይታይ» ይላል፤ እንግዲያው የተከለከለ አይደለም። ሰውን ከነቁመቱ በቀለም መሸፈንም ከመጀመሪያው አልወደደውም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ብርሃኑ ሲስተካከል ጀመረ። የከድሮን ፊት፣ ከዚያ አንገቱን፣ ጋቢውን፣ የበቅሎዋን ግንባር፣ ልባሱን ከመስታወቱ ላይ ጥቂት በጥቂት አነሣው፤ ልሙጥ መስታወት እስኪቀር ድረስ። የሰውየውን ዳር አልነካም፤ የጋቢው እጥፋት ከትከሻው ላይ የወጣችበትን ሳይቀር ጠበቀ። ስድስት ሰዓት ፈጀበት።

ቤልትራሚ ወረቀት ላይ አትሞ አየው። ማስታወቂያው አጠገብ አስደግፎ ሁለቱን አስተያየ። መሬቱ ዝቅ ያለ፣ ሰማዩ ንጹሕ፣ ሰውና በቅሎ ጥቁር። «እንግዲህ ይህ ሽፋኑ ላይ ይወጣል» አለ። ለሸዋንግዛው አንድ ጠርሙስ ወይን ሰጠው። ሸዋንግዛው ወይኑን ለቤተ ክርስቲያን ላከው፤ ለከድሮ ደግሞ «ቆመሃል» አለው።

በየካቲት አጋማሽ ቤልትራሚ የተመረጡትን ሥዕሎች ይዞ ለእረፍትም ለኅትመትም ወደ አገሩ ተመለሰ። ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ እስኪመጣ ክፍሉን ለሸዋንግዛው፣ ቁልፉን ለተረፈ ተወ። ከድሮ ልጁን ለማየት ፈቃድ አግኝቶ ወደ አገሩ ሄደ።

በየካቲት መጨረሻ በቡታጅራ ገበያ ተያዘ።

ክሱ ከቡኢ ወዲህ የተቃጠለ የጦር መኪና ነበር። አንድ ጠቋሚ «አርበኞቹን መንገድ የመራቸው ከድሮ የሚባል በቅሎ ነጂ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ መሰከረ። መኪናው የተቃጠለው ታኅሣሥ 12 ቀን ጠዋት ነው። ከድሮ ይህን ሲሰማ ደስ አለው ይባላል። «የዚያን ቀን ጠዋት ዋቤ ነበርኩ። የወልቂጤውን የድርጅት ቤት ጠይቁ፤ በመስታወት ላይ አለሁ» አለ። ስለዚህ ወደ ወልቂጤ አመጡት።

ሰፍያ ይህን በሰማች በማግሥቱ ልጇን አዝላ ተነሣች። ደጋውን በአረቅጥ በኩል አቋርጣ በአራተኛው ቀን ከማረፊያው ቤት ደጃፍ ደረሰች። ተረፈ ወደ ሥራ ክፍሉ አስገባት። ልጅቱን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቆመች።

«አንቱ ነዎት አለቃ?» አለች። አማርኛዋ ጥቂት ነበር፤ በጥንቃቄ ታወጣዋለች። «ከድሮ ስለ አንቱ ይነግረኛል። የሚገሉት አንቱ ነዎት።»

ተረፈ ሊያስቆማት ሲል ሸዋንግዛው እጁን አነሣ። «እኔ ነኝ» አለ።

«ዛሬ አይግደሉት። መስታወቱን ለሻምበሉ ይስጡት።»

የዚያኑ ዕለት ጠዋት ሻምበሉ ተረፈን አስጠርቶ ነበር። በዳኝነት ለመቀመጥ ከአዲስ አበባ የመጣ ጣሊያናዊ መኮንን ነው። ተረፈ ዋቤ ላይ ከድሮን ማየቱን ተናገረ፤ ሸዋንግዛውም የዚያኑ ማታ ከድሮ ከዋቤ መመለሱን ሊመሰክር ይችላል አለ። ሻምበሉ ጻፈ፤ ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ «የአገሬው ሰው ምስክርነት በእጄ ብዙ አለ። ይህ ሰው ፎቶግራፍ አለ ብሏል። ፎቶግራፉን እስከ ሐሙስ አምጡ» አለ። ቀኑ ሰኞ ነበር።

ሸዋንግዛው መስታወቱን ከሣጥኑ አውጥቶ ክፈፉ ላይ አኖረ። በጠርዙ ላይ ቀኑ በግልጽ ተጽፏል። ድንጋዩ፣ የድንጋዩ ጥላ፣ ከታች የወንዙ ጭላንጭል፤ ሁሉም አለ። በመካከሉ ሰው የሚያህል ባዶ ልሙጥ መስታወት አለ። በባዶው ውስጥ የመስኮቱ ፍሬም ይታያል።

«እዚህ ነበር» አለ።

ሰፍያ ጎንበስ ብላ አየች። «የት ሄደ?»

«ፋቅሁት።»

«ይመልሱታ።»

«አይመለስም። በቀለም ሸፍኜው ቢሆን ኖሮ በውሃ አጥቤ ይኸው እልሽ ነበር። የታዘዝኩትም መሸፈን ነበር። ፋቅሁት።»

«ለምን?»

ሸዋንግዛው «ልቁም ብሎ ለመነኝ» ለማለት አፉን ከፈተ፤ አላለውም። «የለመድኩት እንዲያ ነው» አለ።

ተረፈ መሳቢያዎቹን መፈተሽ ጀመረ። ከመፋቁ በፊት የታተመ አንድ ወረቀት እንደነበረ ያስታውሳል፤ ቤልትራሚ ለመምረጥ ያህል ሁሉንም በፀሐይ ያትማቸው ነበር። አገኘውም፤ ከሌሎች ሠላሳ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ቤልትራሚ እነዚህን ወረቀቶች መድኃኒት እንዳያባክን ብሎ ሥዕሉን በሚያጸናው ውሃ ውስጥ አያልፋቸውም፤ ብርሃን ሲያያቸው ይጠቁራሉ። ለምርጫ ሦስት ቀን በመስኮቱ አጠገብ ተደርድረው ከርመዋል። የዋቤው ወረቀት ከዳር እስከ ዳር የቡና ቀለም ሆኖ ነበር። ተረፈ ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አገላበጠው። «በቅሎዋ እዚህ ናት መሰለኝ» አለ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

የቀረው ቤልትራሚ ነበር። ተረፈ ለአዲስ አበባው ቢሮ ቴሌግራም መታ። ረቡዕ ጠዋት መልስ መጣ፦ ሲኞር ቤልትራሚ በመርከብ ላይ ናቸው፤ ድርጅቱ ስለ መስታወቶቹ እንጂ ስለ ጫኚዎች አይመልስም።

ያን ቀን ሸዋንግዛው በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ከድሮ ዋቤ ላይ ቆሞ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። መስታወቱ ላይም ነበር፤ ይህም እውነት ነው። እውነት የነበረውን ወደ ቦታው መመለስ ሐሰት አይሆንም ብሎ ራሱን አሳመነ። ልሙጥ መስታወት እርሳስ አይቀበልምና በመጀመሪያ ሙጫ ያለው ቫርኒሽ ቀባበት፤ እስኪደርቅ ጠበቀ። ከዚያ ተገልብጦ መሥራት ጀመረ፦ ወረቀት ላይ ብርሃን የሚሆነውን በእርሳስ ማጥቆር፣ ጨለማ የሚሆነውን መተው። ለጋቢው ቀዩን ቀለም በውሃ እያቀጠነ ደረበ። ለፊቱ እጅግ የሾለ እርሳስ ተጠቀመ። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ያለችውን ጠባሳ አስታወሰ። ዓይኖቹ ላይ ሲደርስ እጁ ራሱ ያውቃል፤ ሠላሳ ዓመት ዓይን ሥሏል።

ማታ ተረፈ አተመው። ሁለቱም በቀይ መብራት ሥር በውሃው ውስጥ ሰውየው ሲወጣ ቆመው አዩ።

«መሰለ?» አለ ሸዋንግዛው።

«አለቃ፣ ያምራል» አለ ተረፈ።

«መሰለ ወይ ነው ያልኩህ።»

«እኔ ካላየሁት መስታወት ምኑን ልበል? ከድሮን ይመስላል። አዎን፣ ይመስላል።»

ሐሙስ ሁለቱም ሻምበሉ ዘንድ ቀረቡ። ሰፍያ ከደጅ ቀረች። ሻምበሉ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አየ። መሳቢያውን ከፈተና ማጉያ መነጽር አወጣ። ከኋላው በግድግዳው ላይ የራሱ ካሜራ በቆዳ ማንገቻ ተሰቅሎ ነበር። ሸዋንግዛው ካሜራውን ሲያይ ሻምበሉ የፎቶግራፍን ነገር እንደሚያውቅ ገባው።

ሻምበሉ በጣቱ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ የድንጋዩን ጥላ፣ ቀጥሎ የከድሮን ፊት ነካ። ረጋ ብሎ ተናገረ፤ ተረፈ ተረጎመ።

«ፀሐይ ከግራ ነች ይላል። ድንጋዩ ጥላ አለው። የሰውየው አፍንጫ ጥላ የለውም። አገጩም ከአንገቱ ላይ ጥላ አልጣለም።»

ሸዋንግዛው በተማረው ሥዕል ብርሃን ከየትም ጎን አይመጣም፤ በቅዱሳን ፊት ላይ ጥላ አይወድቅም።

«ዓይኖቹ ደግሞ» አለ ተረፈ፣ ድምፁ እየቀነሰ፣ «ፀሐይን እያየ ዓይኑን እንዲህ የሚከፍት ሰው የለም ይላል። ይህን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ ይላል። ማን ሣለው ብሎ ይጠይቃል።»

«እኔ» አለ ሸዋንግዛው። «ንገረው። የሣልኩት የነበረውን ነው በለው። ጥቁሩን ያየ ሰው ሁሉ…»

«ጥቁሩን አሳየኝ ይላል።»

ተረፈ ለሽፋኑ የታተመውን ወረቀት ሰጠው። ሻምበሉ አገላብጦ አየው። «ቆንጆ ፎቶግራፍ ነው» አለ። «በውስጡ ግን ማንም የለም።» ከዚያ ሸዋንግዛውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። «እጅህ ጥሩ ነው ይልሃል፣ አለቃ። የሐሰት ማስረጃ በማቅረብህ ልቀጣህ እችል ነበር፤ ድርጅቱ ስለሚፈልግህ ትቼሃለሁ ይላል።»

ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ ጥቂት መስመር ጨመረ። ተረፈ ከወጡ በኋላ ምን እንደተጻፈ ነገረው፦ ተከሳሹ ለማምለጥ ሲል ወዳጆቹን አነሳስቶ የሐሰት ሥዕል አሠርቷል።

ከድሮ ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው በስተ ምዕራብ ተረሸነ። አስከሬኑን አልሰጡም። አንድ ዘበኛ ለተረፈ እንደነገረው፣ ሲያወጡት «ፎቶግራፉ አልደረሰም እንዴ?» ብሎ ጠይቆ ነበር።

ሰፍያ ያን ሰሞን በማረፊያው ቤት ጓሮ፣ በበቅሎዎቹ ግርግም አጠገብ ሰነበተች። እሑድ ማታ ሸዋንግዛው ወደ እሷ ወጣ፤ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልጅቱ ጭድ ላይ ተኝታለች።

«አላህ ያጥናሽ ልጄ» አለ። ለእስላም እንዲህ ይባል እንደሆነ አላወቀም።

«አሚን።»

ከዚያ ሰኞ ያልነገራትን ነገራት። እንዴት እንደለመነው፣ ልቁም እንዳለው፣ በአቋሜ ታውቀኛለች እንዳለ። ሰፍያ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ «ያሳዩኝ» አለች።

ሁለቱንም ወረቀት ይዞ ነበር፤ ሁለቱንም ሰጣት። ፊት ያለውን ለአፍታ ያህል አይታ መለሰችለት።

«ይሄ ማን እንደሆነ አላውቅም» አለች፤ በቁጣ አልነበረም።

ጥቁሩን ግን ወደ ምዕራብ ብርሃን ይዛ ቆየች። ጣቷ በግራ እግሩ ላይ፣ ወደ ውጭ በተመለሰው ላይ፣ ቆመ።

«ይሄ እሱ ነው» አለች። «እንዲህ ነው የሚቆም። ትንሽ ሆኖ በቅሎ ረግጦታል። ሻምበሉ ለምን እኔን አልጠየቀኝም?»

ሰፍያ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ ልጅቱን አንሥታ አዘለች። ሰኞ ሲነጋ በአረቅጥ መንገድ ሄደች። ተረፈ በቅሎ ልስጥሽ ቢላት እምቢ አለች።

መጽሐፉ በግንቦት ታትሞ መጣ። ተረፈ የሽፋኑን ወረቀት ከማስታወቂያው አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፤ ከደጅ ለሚገባ ሰው ሁለቱም የአንድ ቤት መሆናቸው ወዲያው ይታወቅ ነበር። ሸዋንግዛው ሥራውን አልተወም፤ የሚሄድበት አልነበረውም። ከቤልትራሚ ትእዛዝ ግን አንዱን ከዚያ ወዲህ አላፈረሰም፦ ሰው ሲያገኝ ሰማይ ላይም ይሁን ጨለማ ውስጥ ከጀርባ፣ በልሙጡ ገጽ፣ በቀይ ቀለም ብቻ ይሸፍነዋል። ጨለማ ውስጥ ያለው ሰው ወረቀት ላይ ነጭ ጉድፍ እየሆነ ስለሚወጣ ዋናው ቢሮ ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ገሠጸው።

በሰኔ መጀመሪያ አዲሱ ፎቶግራፍ አንሺ ሃያ አራት መስታወቶች ይዞ ከሆሳዕና መንገድ ተመለሰ። በዘጠኙ ላይ ሰው ነበረባቸው። ሸዋንግዛው ቢላዋውን ሳይነካ ቀዩን ቀለም በጠበጠ።